በጀትሽን በሐምሌ ለኪው

ጥያቄ፦ «የሀበሻ ልብስ ነጋዴ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ገቢዬ ወር ከወር አይገናኝም። ጥር ላይ 85 ሺህ ብር አተርፋለሁ፤ ሐምሌ ላይ 22 ሺህ። ሲካፈል በወር 45 ሺህ ስለሚደርሰኝ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ቤቴን በ45 ሺህ ማስተዳደር ጀመርኩ። ይኸው ጥቅምት ገባ፣ ከዕዳ አልወጣሁም። ሂሳቡን ደጋግሜ አየሁት፣ ልክ ነው። ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? የ2017ን የወር በወር ትርፍና የወጪዬን ዝርዝር ከነእቁቡ ልኬያለሁ።»

እህቴ፣ ሂሳብሽ ልክ ነው። እኔም ደመርኩት። መስከረም 60 ሺህ፣ ጥቅምት 35፣ ኅዳር 32፣ ታኅሣሥ 50፣ ጥር 85፣ የካቲት 33፣ መጋቢት 30፣ ሚያዝያ 78፣ ግንቦት 46፣ ሰኔ 28፣ ሐምሌ 22፣ ነሐሴ ከነጳጉሜው 41። ጠቅላላው 540 ሺህ ነው። ለ12 ሲካፈል በትክክል 45 ሺህ ይመጣል።

ግን አንድ ነገር እይ። ከ12ቱ ወሮች ስንቱ 45 ሺህ ደረሱ? አምስቱ ብቻ። ሰባቱ ከዚያ በታች ናቸው። አማካዩን ወደ ላይ የጎተቱት በተለይ ጥርና ሚያዝያ ናቸው። ሁለቱ ብቻቸውን 163 ሺህ አስገብተዋል። 45 ሺህ የሚባለው ገቢ በወረቀት ላይ እንጂ በሱቅሽ ውስጥ አይታይም። ወደ 45 ሺህ የተጠጋው ግንቦት ብቻ ነው። አንቺ ግን ለሰኔም ለሐምሌም በዚያው ልክ አወጣሽ።

አሁን በ45 ሺህ በጀት ከሰኔ ጀምረን እንቁጠር። ሰኔ 28 ሺህ ገብቶ 45 ሺህ ወጣ። 17 ሺህ ጎደለ። ሐምሌ 23 ሺህ ጨመረና ዕዳው 40 ሺህ ሆነ። በነሐሴ መጨረሻ 44 ሺህ ደረሰ። መስከረም 15 ሺህ ትርፍ ስላለው ወደ 29 ሺህ አወረደው። አሁን ያለሽው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ቀጥይ። ጥቅምት ሲያልቅ 39 ሺህ፣ ኅዳር ሲያልቅ 52 ሺህ። ታኅሣሥ በትንሹ ይቀንሰዋል፣ 47 ሺህ። ያን ሁሉ ወር የምትጠብቂው ጥር ይመጣና 40 ሺህ ይከፍላል። አሁንም 7 ሺህ ይቀራል። ከዚያ የካቲትና መጋቢት መልሰው 34 ሺህ ያደርሱታል። ከዕዳ ነጻ የምትሆኚው በግንቦት መጨረሻ ነው። በማግስቱ ሰኔ ይገባል።

ይህን ሂሳብ ከደንበኞቼ ጋር ስሠራ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳታባክኚ፣ ከአማካይ ገቢሽ አንድ ብር ሳታልፊ፣ አሥራ አንዱንም ወር በዕዳ ትኖሪያለሽ ማለት ነው።

ያው በጀት በመስከረም ቢጀመር ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ኅዳር ላይ 8 ሺህ፣ ታኅሣሥ ላይ 3 ሺህ ጎድሎ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይሸፈን ነበር። ገቢው ያው፣ ወጪው ያው፣ የተለየው የጀመርሽበት ወር ብቻ። አማካይ የሚሠራው ደህናው ወር ከክፉው ወር ቀድሞ ሲመጣ ነው፤ ያውም የደህናው ወር ትርፍ ሳይነካ ከቆየ። ጥር ላይ ሳጥን ውስጥ ያለው ብር የመጋቢትና የሐምሌ መሆኑን ማን ይነግርሻል? እጅሽ ላይ ሲሆን የራስሽ ነው የሚመስለው። ዘመድ ሲበደር ትሰጫለሽ፣ ለልጆች ጫማ ትገዣለሽ፣ አዲስ ጥበብ መጣ ሲሉሽ ዕቃ ትጨምሪያለሽ። አንዳቸውም ጥፋት አይደሉም። ብሩ ግን አስቀድሞ ቃል የተገባበት ነበር።

በተጨማሪ ዕዳ ራሱ ገንዘብ ይበላል። ያለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛዬ ጋ ቁጭ ብለን ደብተሯን ስናገላብጥ ያየሁትን ልንገርሽ። በጥሬ ብር 3,400 የምትገዛውን ቀሚስ በዱቤ ስትወስድ 3,600 ተጽፎባታል። በሰኔና በሐምሌ ብቻ 19 ቀሚስ በዱቤ ወስዳለች። ቁጭ ብለን ስንደምረው 3,800 ብር ሆነ፣ ለእሷ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነው። ደግሞ የዱቤ ዕቃ መርጠሽ አትወስጂም። ጥለቱ ያለፈበትም ይሰጥሻል። ስለዚህ ከላይ የሠራሁልሽ ቁጥር በተግባር ከዚያ የባሰ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ በጀቱ በምን ይሠራ? በዓመቱ ዝቅተኛ በሚባለው ወር። ያንቺው ሐምሌ ነው፣ 22 ሺህ።

እዚህ ላይ «ዝቅተኛ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልግለጽ። በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣውን ዝቅታ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ አለ፣ ሠርግ የለም፣ በዓል የለም፣ ሰው ለመስከረም ትምህርት ቤት ብር ይይዛል። ይህ ዘንድሮም አለ፣ ለከርሞም ይኖራል። ታመሽ ሱቅ ለሦስት ሳምንት ብትዘጊ ወይም ዕቃ ቢሰረቅብሽ ያ ወር ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። ያ አደጋ ነው፣ መለኪያ አይሆንም። ለእሱ መጠባበቂያ ይኖረናል። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የተጻፈ ነገር ካለሽ ሐምሌዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጪና ትንሹን ውሰጂ። ደብተር የሌላት ሰው ደግሞ ስልኳን ትክፈት። የባንክና የቴሌብር መልእክቶች ከነቀናቸው እዚያው አሉ። ከአከፋፋይ ጋር የተጻጻፈችውም አለ። ከእነዚያ አንድ ዓመት መልሶ መጻፍ ይቻላል፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ለሀበሻ ልብስ ነጋዴ ሌላ መጠንቀቅ ያለባት ነገር አለ። ፋሲካ ይንቀሳቀሳል። በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር፤ ለዚህ ነው ሚያዝያሽ 78 ሺህ የሆነው። ዘንድሮ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው። ሰው የፋሲካ ልብሱን የሚገዛው መጋቢት ላይ ይሆናል ማለት ነው። በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 24 ላይ ይውላል። ዐቢይ ጾም የሚጀምረው የካቲት 29 ስለሆነ መጋቢት ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ነው፤ ሠርግም የለም። የዘንድሮው መጋቢትሽ ደህና ቢሆን «መጋቢት ጥሩ ወር ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። የ2019 መጋቢት ከሐምሌም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ ከወሩ ስም አጠገብ ፋሲካ መቼ እንደዋለ፣ ጾሙ መቼ እንደገባ ጻፊ። ለአንቺ ንግድ ወሩን የሚሠራው እሱ ነው።

አሁን 22 ሺህ ውስጥ ምን ይግባ? በየወሩ የማይቀረው ብቻ። በላክሽልኝ ወጪ ላይ ተመርኩዤ እንዲህ ደለደልኩት። ቤት ኪራይ 8,000። ምግብ 9,500። መብራት፣ ውሃና ከሰል 1,300። ትራንስፖርት 1,500። ስልክ 500። እድር 300። ሳሙናና የመሳሰለው 900። ድምሩ 22 ሺህ ነው። ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ሥጋ የለበትም፣ ለእናትሽ የምትልኪው የለበትም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም የለበትም። እነዚህ ተረስተው አይደለም። ቦታቸው ሌላ ነው።

ዓመቱን ሙሉ በዚህ መሠረት ብትሄጂ ለመሠረቱ የሚወጣው 264 ሺህ ነው። ከ540 ሺህ ላይ 276 ሺህ ይተርፋል። ይህ ብር በደህና ወሮች የሚመጣ ስለሆነ በተራ ይመደባል። ተራው ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቀናቸው የሚታወቅ ትልልቅ ወጪዎች ይቀድማሉ። ትምህርት ቤቱ በሩብ ዓመት 12 ሺህ ስለሚያስከፍልሽ በዓመት 48 ሺህ፣ ከምዝገባ፣ ከደብተርና ከዩኒፎርም ጋር 58 ሺህ። በዓላት 36 ሺህ፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል 10፣ ለገና 9፣ ለፋሲካ 17። ግብርና ንግድ ፈቃድ 18 ሺህ። ሲደመር 112 ሺህ። እነዚህ ድንገተኛ አይደሉም። ምዝገባው ነሐሴ ላይ፣ ከሐምሌ ቀጥሎ መምጣቱ ብቻ ነው ድንገተኛ የሚያስመስለው። የብዙ ሰው ዕዳ የሚወለደው በዚያ ሰሞን ነው።

ቀጥሎ መጠባበቂያው ነው። የሁለት ወር መሠረት፣ 44 ሺህ። ሱቅ ለተዘጋበት፣ ልጅ ለታመመበት ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 120 ሺህ ይቀራል። በወር 10 ሺህ ነው። ሥጋውም፣ የእናትሽም፣ የልጆች ልብስም እዚህ ውስጥ ነው። ግን አንድ ሕግ አለው፤ ገብቶ የተቀመጠ ብር ብቻ ነው የሚወጣው። ይመጣል ተብሎ አይወጣም። ልብ በይ፣ ገንዘቡ ያው 540 ሺህ ነው። በኑሮሽ ላይ አንድ ብር አልቀነስኩም። ድሮ መጀመሪያ ትኖሪና ትምህርት ቤቱ በዕዳ ይከፈል ነበር። አሁን ትምህርት ቤቱ ይቀድማል፣ ጭማሪው ይከተላል።

እቁብሽን ሳልነካ አላልፍም። ሳምንታዊ 2,500 እንደምትጥይ ጽፈሻል። በወር 10 ሺህ ማለት ነው። በጥር ቀላል ነው፣ በሐምሌ ከገቢሽ ግማሽ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። እቁብ ጥሩ ነገር ነው፤ ጎረቤትና ጓደኛ ስለሚጠብቅሽ አትዘይውም። ግን ዕጣው አስቀድሞ ከደረሰሽ የቀረው ሁሉ ዕዳ ነው፣ እሱም ክረምት ላይ ይከፈላል። እኔ የምመክረው መስከረም ተጀምሮ ግንቦት ላይ የሚያልቅ እቁብ ነው። 36 አባል ያለው ሳምንታዊ እቁብ በትክክል እዚያ ውስጥ ይገባል። ሰኔ ሲገባ የምትጥይው የለም። ዕጣው ወደ መጨረሻ ከደረሰሽም ደስ ይበልሽ፣ የክረምትሽ ብር ነው። አሁን ያለሽበት ክረምትን የሚያቋርጥ ከሆነ መጠኑን ሐምሌ በሚችለው ዝቅ አድርጊ።

ብር ማስቀመጥ ብቻውንም አይበቃም። ዋጋ እየጨመረ ነው፤ በጥር ያስቀመጥሽው 10 ሺህ ሐምሌ ላይ የሚገዛው ያንኑ ያህል አይደለም። እናቶቻችን ለዚህ መልስ ነበራቸው። ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጥር አካባቢ ገበያው ላይ እህል በርከት ይላል፤ በአብዛኛው ዋጋውም ከክረምቱ ይሻላል። ያንቺም ትልቁ ገቢ የሚመጣው በዚያው ወር ነው። ይህን መገጣጠም ተጠቀሚበት። በጥር የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ጤፍ ግዢ። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ከርጥበት ከፍ አድርገሽ ካስቀመጥሽው ይቆያል። በርበሬና ሽሮም እንዲሁ። ይህን ስታደርጊ ሐምሌ ላይ 9,500 ያልነው የምግብ ወጪ በጣም ይቀልላል፤ የ22 ሺሁ በጀት ትንፋሽ ያገኛል።

ይህ አሠራር ሲበላሽ የት ጋ እንደሚበላሽ ልንገርሽ። ሱቁና ቤቱ አንድ ሳጥን ሲጠቀሙ ነው። ቀሚሱን በ4,500 ሸጥሽ። 3,400ው የቀሚሱ ነው፤ ሌላ ቀሚስ ለመግዛት መመለስ አለበት። የሱቁ ኪራይ ከቀሪው ይወጣል። የቤቱ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። የላክሽው ቁጥር የተጣራ ትርፍ መሆኑን ጠይቄሽ አረጋግጠሻል፣ ጎበዝ። ግን እጅ ሲያጥር ከ3,400ው ላይ መውሰድ ቀላል ነው፤ ማንም አያይም። አንቺም ወዲያው አታይውም።

የሚያሳይሽ አንድ ዘዴ አለ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ሱቅ ሳትከፍቺ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ቁጠሪ። ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ ጋቢውን፣ በገዛሽበት ዋጋ ደምሪ። በሸጥሽበት አይደለም። በእጅሽ ያለውን የዕቃ መግዣ ብር ጨምሪበት፣ ለአከፋፋይ ያለብሽን ዱቤ ቀንሺ። መስከረም 1 ቀን 180 ሺህ ከነበረና ኅዳር 1 ቀን 155 ሺህ ከሆነ ቤትሽ 25 ሺህ ብር ከሱቁ በልቷል። ዕዳ የለብኝም ብትይም አለብሽ፤ የተበደርሽው ከራስሽ ሱቅ ነው። ይህ ዕዳ ጥር ላይ ይገለጣል። ገዢው ሲመጣ የምታሳይው ዕቃ ይጎድላል።

ገደቡንም ልናገር። አንዳንድ ሰው ዝቅተኛ ወሩ ከኪራይና ከምግብ በታች ነው። 22 ሺህ ሳይሆን 12 ሺህ የሚያገኝ አለ። ለእሱ ይህ በጀት ክፍተቱን በቁጥር ያሳየዋል፣ አይሞላለትም። 10 ሺህ የሚጎድለው ከሆነ በሐምሌ የ10 ሺህ ሌላ ሥራ ያስፈልገዋል፣ ወይም ርካሽ ቤት። አንቺም ጋ እህል ከተወደደ 9,500ው በቅርቡ ላይበቃ ይችላል። በየመስከረሙ አስተካክይው። መሠረቱን ከፍ የምታደርጊው ግን ሐምሌ ራሱ ሲያድግ ብቻ ይሁን። ጥር 100 ሺህ ገባ ብለሽ ኪራዩ 14 ሺህ የሆነ ቤት እንዳትገቢ። ኪራዩን ሐምሌም ይከፍለዋል።

አሁን ካለሽበት እንዴት ትወጫለሽ? ጥቅምት ገና መጀመሩ ነው፣ ዕዳሽ 29 ሺህ ነው ብለን እንያዝ። ወሮቹ እንደ አምና ከሄዱ ከ22 ሺህ በላይ ጥቅምት 13 ሺህ፣ ኅዳር 10 ሺህ፣ ታኅሣሥ 28 ሺህ ይተርፍሻል። በጠቅላላው 51 ሺህ። ኅዳር ላይ የትምህርት ቤት 12 ሺህ አለብሽ፣ ለገና 9 ሺህ። 30 ሺህ ቀረ። ዕዳውን ይከፍላል፣ አንድ ሺህ ብርም ይተርፋል። ሦስት ወር ጠበቅ ይላል። እቁቡን ግን አብረሽ መያዝ አትችይም፣ ዳኛውን አነጋግሪና ለእነዚህ ወራት ከሌላ ሰው ጋር ግማሽ ተጋሪ። እናትሽንም ደውለሽ ንገሪያቸው፤ ከጥር ጀምሮ እንደምትልኪ ቀኑን ጭምር ንገሪያቸው።

ጥር 1 ቀን ያለ ዕዳ ትገቢያለሽ። ከጥር ላይ 63 ሺህ ይተርፋል። 12 ሺሁን ለየካቲቱ ትምህርት ቤት፣ 17 ሺሁን ለፋሲካ ለይተሽ አስቀምጪ። 14 ሺህ አካባቢ ለክረምቱ ጤፍ። የቀረው 20 ሺህ ወደ መጠባበቂያው ይግባ፤ ካርድ በሌለው፣ በስልክ በማይንቀሳቀስ የባንክ ደብተር። የመጋቢት 1 ቆጠራሽን ስትጨርሺ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ የ2019ን ከዚያ ተነስተን እንሠራለን።